ራስጌ፣ ግርጌና የገጽ ቁጥር በኤክሴል፦ የእድር መዝገብ ሲታተም

ኤክሴል ላይ የተሠራ ረጅም ዝርዝር ስክሪን ላይ እስካለ ድረስ ችግር የለበትም። ወደታች እያንሸራተቱ ማየት ነው። ጣጣው የሚመጣው ሲታተም ነው። ከፕሪንተሩ 11 ወረቀት ይወጣል፣ አንድ ሰው ነካ ሲያደርገው ይበታተናል፣ ከዚያ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም መፈለግ ይጀመራል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አንድ ገጽ ቢጎድል መጉደሉን የሚነግር ምንም ነገር አለመኖሩ ነው።

ምሳሌያችን የሰፈር እድር የመዋጮ መዝገብ ይሁን። 250 አባላት አሉ። ዓምዶቹ 15 ናቸው፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ወር፣ በመጨረሻ ድምር። ጳጉሜን ለብቻዋ መዋጮ አይከፈልባትም ብለናል። መዝገቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታትሞ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቀርባል፣ ገንዘብ ያዡም በየገጹ ይፈርማል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የእድሩ ስም፣ የገጽ ቁጥርና የፊርማ ቦታ ያስፈልጉናል።

ይህን ሁሉ ለመሥራት Page Setup በሚባለው መስኮት በኩል ሌላ መንገድም አለ። እኔ ግን Page Layout በሚባለው እይታ መሥራቱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ራስጌው ከሠንጠረዡ ጋር ሲጋጭ እዚያው በዓይን ይታያል። በሌላው መንገድ የምታውቁት የማተሚያውን ቅድመ እይታ ስትከፍቱ ወይም ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ማስተካከል

የገጽ ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ወረቀቱን ወስኑ። Page Layout ታብ ውስጥ Size ላይ A4 ምረጡ፣ Orientation ላይ ደግሞ Landscape። 15 ዓምድ በቁም ወረቀት ላይ አይበቃም፣ አግድም ግን ይገባል። ተራ ቁጥሩን 5፣ ስሙን 28፣ ወሮቹን እያንዳንዳቸው 7፣ ድምሩን 10 ስፋት ብትሰጡት በኤክሴል መደበኛ ህዳግ ሳይቀንስ ሳይሸራረፍ አንድ ገጽ ወርድ ላይ ያርፋል። ለመተማመን Scale to Fit የሚለው ክፍል ውስጥ Width ላይ 1 page ምረጡ፣ Height ግን Automatic ይሁን።

ይህን ከዘለላችሁትና ዓምዶቹ ትንሽ ከሰፉ ምን ይመጣል? ድምር የሚለው ዓምድ ብቻውን ተገንጥሎ ሌላ ወረቀት ላይ ይወጣል። 11 መሆን የነበረበት 22 ገጽ ይሆናል። ኤክሴል ደግሞ በመደበኛው መጀመሪያ ወደታች ያሉትን ይቆጥርና ከዚያ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አባላት ስም ገጽ 1 ላይ፣ ድምራቸው ገጽ 12 ላይ ይሆናል። የገጽ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ መዝገቡ ግን ለማንም አይነበብም።

የረድፉን ቁመት 20 ነጥብ እናድርገው፤ በእስክሪብቶ ለሚፈርምና ምልክት ለሚያደርግ ሰው ይመቻል። በዚህ ልክ አንድ ገጽ 24 ረድፍ ይይዛል። አንዱን ረድፍ በየገጹ የሚደገሙት የዓምድ ርዕሶች ይወስዳሉ፣ 23 አባል ይቀራል። 250 ለ23 ሲካፈል 11 ገጽ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ እይታው መግባት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ኤክሴል ውስጥ Page Layout የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከላይ ያለው ታብ ነው፣ አሁን ወረቀቱን ያስተካከልንበት። ሌላው View ታብ ውስጥ ያለው እይታ ነው። አሁን የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። View ን ከዚያ Page Layout ን ጫኑ። አቋራጭ ከፈለጋችሁ ስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል፣ ከማጉያው አጠገብ ሦስት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፤ መሃለኛው ነው። በኪቦርድ ደግሞ Alt ን ነክታችሁ W ከዚያ P።

የስም ዓምዱን ወይም የላይኛውን ረድፍ Freeze Panes አድርጋችሁ ከሆነ፣ ኤክሴል ይህ እይታ ከዚያ ጋር እንደማይሄድ የሚነግር መልእክት ያወጣል። OK ካላችሁ የቆመው ነገር ይለቀቃል፣ ወደ Normal ስትመለሱም በራሱ አይመለስም። 250 ስም ያለበት መዝገብ ላይ Freeze Panes አለመኖሩ ስለሚያስቸግር፣ ሥራው ሲያልቅ View ውስጥ ገብታችሁ እንደገና ማቆም እንዳትረሱ።

እይታው ሲከፈት ሠንጠረዡ ነጫጭ ወረቀቶች ላይ ተከፋፍሎ ይታያል። ከላይና ከጎን ማስመሪያ አለ። ከመጀመሪያው ረድፍ በላይ ፈዘዝ ያለ ጽሑፍ ታያላችሁ፦ Add header። ቆየት ባሉት ስሪቶች Click to add header ይላል። ይህን ጽሑፍ ካላያችሁት፣ ነጩ የህዳግ ቦታ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ማውሱን ወደ ወረቀቱ ጠርዝ አስጠጉና አንዴ ጫኑ፣ ይመለሳል። ሳያስቡት የሚነካ ነገር ስለሆነ ‘ራስጌዬ ጠፋብኝ’ ያለ ሰው መጀመሪያ ይህን ይሞክር።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። እዚህ እይታ ውስጥ ሆናችሁ የዓምድ ስፋት ወይም የረድፍ ቁመት ብትከፍቱ፣ የለመዳችሁት ቁጥር አይደለም የሚመጣው። በሴንቲሜትር ወይም በኢንች ነው። 20 ነጥብ የነበረው ረድፍ 0.71 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ምንም አልተበላሸም፣ መለኪያው ነው የተቀየረው።

ከግርጌው እንጀምር

ብዙ መመሪያ ከላይ ይጀምራል። የገጽ ቁጥሩ ግን ዋናው ስለሆነ ከታች እንነሳ። ወደ መጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ውረዱ፣ Add footer የሚለውን ታገኛላችሁ። ማውሱን ስታስጠጉ ቦታው በሦስት ይከፈላል፦ ግራ፣ መሃል፣ ቀኝ። ቀኙን ሳጥን ጫኑ። ወዲያው ከላይ Header & Footer የሚባል አዲስ ታብ ይከፈታል። ቀድሞ በነበሩት ስሪቶች ውስጥ ደግሞ Design ተብሎ ይመጣል። የምንፈልጋቸው አዝራሮች በሙሉ እዚያ ናቸው።

አሁን ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ አድርጉ፦

1. ገጽ ብላችሁ ጻፉ፣ ክፍተት ስጡ።
2. Page Number የሚለውን አዝራር ጫኑ።
3. ክፍተት፣ ከ የሚለው ፊደል፣ ሌላ ክፍተት።
4. Number of Pages የሚለውን ጫኑ።

ሳጥኑ ውስጥ የሚታየው ይህ ይሆናል፦

```
ገጽ &[Page] ከ &[Pages]
```

ቁጥር ሳይሆን ኮድ ታየ ብላችሁ አትደንግጡ። ከሳጥኑ ውጭ ማንኛውንም ሴል ስትጫኑ ወደ ‘ገጽ 1 ከ 11’ ይለወጣል። እንደገና ከገባችሁበት ኮዱ ይመለሳል። አዝራሩን መፈለግ ከሰለቻችሁ ኮዱን ራሳችሁ በእጅ ብትጽፉትም ይሠራል። አማርኛው ወግ ባለው መልክ ይምጣ ካላችሁ ደግሞ እንዲህም ይሆናል፦

```
ከ&[Pages] ገጾች &[Page]ኛ
```

ይህ ‘ከ11 ገጾች 3ኛ’ ብሎ ያትማል። ለጉባኤ የሚቀርብ ወረቀት ላይ ጥሩ ይመስለኛል።

ቁጥሩን በቀጥታ 1 ብሎ መጻፍ የማይሆነው ግርጌው ለሁሉም ገጽ አንድ ስለሆነ ነው። አንዱ ገጽ ላይ የጻፋችሁት በ11ዱም ላይ ይደገማል። ሁሉም ‘ገጽ 1’ ይላሉ። በየገጹ የሚለያየው ኮዱ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ሁለተኛው ኮድ፣ ጠቅላላውን የሚቆጥረው፣ ለመዝገብ ከመጀመሪያው እኩል ያስፈልጋል። ‘ገጽ 7’ ብቻ የሚል ወረቀት የመጨረሻው ይሁን አይሁን አይናገርም። ‘ገጽ 7 ከ 11’ ሲል ግን ኦዲተሩ የቀሩትን አራት ይጠይቃል።

Header & Footer ታብ ውስጥ በግራ በኩል ዝግጁ አማራጮችም አሉ። Footer የሚለውን ስትጫኑ እንደ Page 1 of ? ያለ ዝርዝር ይወጣል። ፈጣን ነው፣ ግን Page የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ይታተማል። ከዚያም በላይ አንዱን ስትመርጡ ግርጌው ላይ ቀድሞ የጻፋችሁትን ይተካዋል። ለአማርኛ ሰነድ በእጅ መጻፉ ይሻላል።

ስትጨርሱ የምትወጡበት መንገድም አለው። ሴል ላይ ጫኑ፣ ይበቃል። Esc አትንኩ፤ የጻፋችሁትን ሳያስቀምጥ ነው የሚዘጋው። አዲስ መስመር የሚሰጠው ደግሞ Enter ነው፣ ‘ጨረስኩ’ ማለት አይደለም። Enter ን እየመቱ ለመውጣት የሚሞክር ሰው ባዶ መስመሮችን እየጨመረ ነው፣ የገጽ ቁጥሩም ወደላይ እየተገፋ ሠንጠረዡ ውስጥ ይገባል። ከርሰሩ ሳጥኑ ውስጥ እያለ ወደ Normal ለመመለስ ብትሞክሩም አዝራሮቹ ደብዝዘው አይነኩም። መጀመሪያ ሴል ጫኑ፣ ከዚያ ተመለሱ።

የፊርማ ቦታ

ግርጌው ላይ ግራውን ሳጥን ጫኑና ይህን ጻፉ፦

```
የገንዘብ ያዥ ፊርማ ____________________
```

መሃሉን ባዶ ተዉት። ሦስቱ ሳጥኖች ስክሪን ላይ ተለያይተው ቢታዩም ግድግዳ የላቸውም። ግራው ላይ ረጅም ነገር ከጻፋችሁ ወደ መሃሉ ይሄዳል፣ መሃሉ ላይ ጽሑፍ ካለ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይታተማል። የጸሐፊውም ፊርማ ይጨመር ከተባለ መሃል ላይ አጭር መስመር ስጡትና ግራውን አሳጥሩ።

ሌላም ገደብ አለ። የአንድ ግርጌ ሦስት ሳጥኖች አንድ ላይ ከ255 ቁምፊ መብለጥ አይችሉም፣ ኮዶቹም ይቆጠራሉ። ፊርማና የገጽ ቁጥር እዚያ አይደርሱም። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ እዚያ ለማስገባት የሚያስብ ሰው ግን ይደርስበታል።

ራስጌው፣ ሦስተኛው መስመርና 12ኛው ገጽ

አሁን ወደላይ እንውጣ። Go to Header የሚለውን ብትጫኑ በቀጥታ ይወስዳችኋል። መሃለኛው ሳጥን ውስጥ ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

```
የሰፈራችን መረዳጃ እድር
የወርሃዊ መዋጮ መዝገብ
ከመስከረም እስከ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.
```

ሴል ላይ ጫኑና እዩት። ሦስተኛው መስመር በዓምድ ርዕሶቹ ላይ ተኝቷል። ራስጌ ሲረዝም ሠንጠረዡን ወደታች አይገፋውም፣ ላዩ ላይ ይወጣበታል።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። በኤክሴል መደበኛ ህዳግ ሠንጠረዡ ከወረቀቱ ጫፍ 1.9 ሴንቲሜትር ወርዶ ይጀምራል። ራስጌው ደግሞ ከጫፉ 0.8 ሴንቲሜትር ላይ ይጀምራል። በመሃላቸው የቀረው 1.1 ሴንቲሜትር ነው። በ11 ነጥብ ፊደል አንድ መስመር ግማሽ ሴንቲሜትር ከፍ ያለ ቦታ ይወስዳል። ሁለት መስመር ለጥቂት ይገባል። ሦስተኛው አይገባም። አንዳንድ የአማርኛ ፎንት ደግሞ ከላቲኑ ይልቅ ቁመቱ ዘለግ ያለ ስለሆነ ሁለቱም ሊጠባቸው ይችላል።

መፍትሔው የላይኛውን ህዳግ ማስፋት ነው። በግራ ባለው ማስመሪያ ላይ ግራጫውና ነጩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ማውሱን አስቀምጡ፣ ባለሁለት አፍ ቀስት ሲሆን ወደታች ጎትቱ። በትክክለኛ ልክ ይሁን ካላችሁ Page Layout ታብ፣ Margins፣ Custom Margins ገብታችሁ Top ላይ 2.5 ጻፉ። ሳጥኑ በኢንች የሚቆጥር ከሆነ 1 ነው።

የዓምድ ርዕሶቹ በየገጹ እንዲደገሙ ካደረጋችሁ በኋላ ግርጌውን እዩ፤ የሚደገሙበትን አሠራር ከታች እናያለን። ‘ገጽ 1 ከ 11’ የነበረው ‘ገጽ 1 ከ 12’ ሆኗል። ህዳጉ ከእያንዳንዱ ገጽ አንድ ረድፍ ወሰደ፣ 23 አባል የነበረው 22 ሆነ፣ 250ውን ለመጨረስ 12ኛ ወረቀት አስፈለገ። ጠቅላላውን በእጃችሁ 11 ብላችሁ ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው ወረቀት ‘ገጽ 12 ከ 11’ ይል ነበር።

እኔ ብሆን ሦስተኛውን መስመር አልጨምርም። ዓመቱን ሁለተኛው መስመር ላይ አያይዤ ‘የ2017 ዓ.ም. የወርሃዊ መዋጮ መዝገብ’ እለዋለሁ፣ ህዳጉም 1.9 ላይ ይቆያል፣ መዝገቡም 11 ገጽ። ፊደሉ ከጠበበ የራስጌውን ጽሑፍ መርጣችሁ Home ታብ ላይ 10 ነጥብ አድርጉት።

‘ሙሉው ርዕስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብቻ ይሁን’ የሚል ካለ ለዚያም መላ አለ። Header & Footer ታብ ላይ Different First Page ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ገጽ የራሱ ራስጌና የራሱ ግርጌ ይኖረዋል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፦ ቀድማችሁ የሠራችሁት የገጽ ቁጥር ለቀሩት ገጾች ይቀራል፣ ገጽ 1 ላይ ግን ይጠፋል። ያንኑ ግርጌ ገጽ 1 ላይ እንደገና መጻፍ አለባችሁ። ህዳጉ ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ለመጀመሪያው ገጽ ሦስት መስመር ብላችሁ ህዳጉን ካሰፋችሁ፣ የቀሩት ገጾች አናት ላይ ባዶ ቦታ ይዘው ይወጣሉ። ትልቁን ርዕስ የምትፈልጉት አንዴ ብቻ ከሆነ ራስጌ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ ከሠንጠረዡ በላይ ሁለት ሦስት ረድፍ አስገብታችሁ ሴል ላይ ጻፉት።

የዓምድ ርዕስ ሌላ ነገር ነው

መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር የሚሉት የዓምድ ርዕሶች በየገጹ እንዲደገሙ ራስጌ ውስጥ መጻፍ አያስፈልግም፣ አይሆንምም። እነሱ የሴል ነገር ናቸው። Page Layout ታብ ውስጥ Print Titles የሚለውን ጫኑ። Rows to repeat at top የሚለው ሳጥን ውስጥ ግቡና ርዕሶቹ ያሉበትን ረድፍ ጫኑ። ረድፍ 1 ከሆነ ይህን ይጽፍላችኋል፦

```
$1:$1
```

ለ24 ረድፍ 23 አባል ያልነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካ ካለ ከማተሚያው ገጽ በኩል ገብታችኋል ማለት ነው። ዝጉትና ከታቡ ግቡ።

ቀኑ

ከገጽ ቁጥሩ አጠገብ Current Date የሚል አዝራር አለ። ለእድር መዝገብ አትጠቀሙበት። አንደኛ፣ የሚሰጠው የፈረንጅ ቀን ነው። ነሐሴ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ብታትሙ፣ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ 9/5/2025 ይላል፤ አንዱ ሴፕቴምበር 5 ብሎ ያነበዋል፣ ሌላው ሜይ 9። ሁለተኛ፣ ቀኑ አይቆምም። ፋይሉን ጥቅምት ላይ ከፍታችሁ እንደገና ብታትሙት የጥቅምቱን ቀን ይዞ ይወጣል። ጉባኤው ያጸደቀው ወረቀትና በኋላ የወጣው ቅጂ ቀናቸው ይለያያል፣ ክርክር ይነሳል። ቀኑን በአማርኛ በእጅ ጻፉት።

የገጽ ቁጥሩም ፩፣ ፪፣ ፫ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርግ ምርጫ ኤክሴል ውስጥ የለም።

ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲወጣ

የእድሩ ጸሐፊ ቤቱ ሠርቶ፣ ፋይሉን በፍላሽ ወደ ኅትመት ቤት ይወስዳል። እዚያ ሲከፈት ራስጌው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ወይም የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። አራት ማዕዘን ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ያንን የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት የለም። የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የአማርኛ ፎንት ነው፤ እንዲህ ያለው ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው የሚነበበው።

ሴሉ ላይ ያለው ትክክል ሆኖ ራስጌው ብቻ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። ራስጌ የራሱን ፎንት ይይዛልና ሴሎቹን መርጣችሁ ኒያላ ብታደርጓቸው ራስጌው አይከተልም። ሳጥኑ ውስጥ ገብታችሁ ጽሑፉን መርጣችሁ ለብቻው መቀየር አለባችሁ። ወደ ኅትመት ቤት ሲኬድ ከኤክሴሉ ፋይል ይልቅ ፒዲኤፍ ይዞ መሄድ ነው። File፣ Save As ላይ የፋይሉን ዓይነት PDF አድርጉ። ያያችሁት ያው ይታተማል።

ሁለት ሺት ሲኖር

በዓመቱ መሃል የገቡ አባላት ብዙ ጊዜ ሌላ ሺት ላይ ይመዘገባሉ። ራስጌና ግርጌ ደግሞ የሺት ነው እንጂ የፋይሉ አይደለም። አዲሱ ሺት ባዶ ነው። እንደገና ከመጻፍ ይልቅ የሁለቱንም ሺት ስም Ctrl ተጭናችሁ ምረጡ፣ Page Layout ታብ ላይ Page Setup የሚለው ክፍል ጥግ ያለችውን ትንሽ ቀስት ጫኑ፣ Header/Footer ውስጥ Custom Footer ን ክፈቱ። እዚያ የጻፋችሁት ለሁለቱም ይሆናል። ከዚያ አንዱን ስም በቀኝ ጫኑና Ungroup Sheets በሉ። ይህን ከረሳችሁ አንዱ ሺት ላይ የምትሞሉት መዋጮ በሌላውም ሺት ያው ሴል ውስጥ ይገባል። ሳይታወቅ ሒሳብ የሚያበላሽ ነገር ነው።

ቁጥሩ ከመጀመሪያው ሺት እንዲቀጥል ሁለቱን መርጣችሁ በአንድ ጊዜ አትሙ። የመጀመሪያው 11፣ ሁለተኛው 2 ገጽ ከሆነ፣ ‘ገጽ 1 ከ 13’ ብሎ ጀምሮ እስከ 13 ይዘልቃል። ለየብቻ ካተማችኋቸው ሁለተኛው እንደገና ከ1 ይጀምራል። Page Setup ውስጥ First page number ላይ 12 ብሎ ማስገባት ይቻላል፣ ግን ጠቅላላውን የሚቆጥረው ኮድ ይህን አያውቅም። ‘ገጽ 12 ከ 2’ ይላል። በአንድ ጊዜ ማተሙ ይሻላል። ከዚህ በፊት ማንም ሰው እዚያ ሳጥን ውስጥ ቁጥር ጽፎ ከሆነ ወደ Auto መልሱት፣ አለዚያ አይቀጥልም።

ከማተም በፊት

Ctrl+P ን ጫኑና ሦስት ገጽ ብቻ እዩ፦ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውንና የመጨረሻውን። የመጀመሪያው ላይ የገጽ ቁጥሩ መኖሩን፣ ሁለተኛው ላይ የወሮቹ ስም መደገሙን፣ የመጨረሻው ላይ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን። መጨረሻው ‘ገጽ 11 ከ 11’ ካለና ከሠንጠረዡ ውጭ የተረሳ ባዶ ገጽ ካልተከተለ ትክክል ነው። ባዶ ገጽ ከመጣ ከ250ኛው አባል በታች የሆነ ሴል ውስጥ አንድ ክፍተት ወይም የተረሳ ቀመር ወይም መስመር አለ። እነዚያን ረድፎች መርጣችሁ ሰርዙ፣ የገጹ ብዛት ራሱ ይስተካከላል።

ለ2018 አዲስ ፋይል አትክፈቱ። የሺቱን ስም በቀኝ ጫኑ፣ Move or Copy፣ Create a copy ላይ ምልክት። ራስጌው፣ ግርጌው፣ ህዳጉ፣ ሁሉም አብሮ ይገለበጣል። ራስጌው ውስጥ 2017 የሚለውን 2018 አድርጉና መዋጮዎቹን አጽዱ።